ቤቴን ለሴት ልጄ ብናዘዝ ወንድሞቿ ምን ይጠይቋታል?

«የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። 66 ዓመቴ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተፋታን ብዙ ዘመን ሆነን። ሦስት ልጆች አሉኝ። ታላቁን ከጋብቻዬ በፊት አዲስ አበባ ወለድኩት፤ እናቴ ጋ አደገ፣ አሁንም እዚያው ነው። ሁለቱ እዚህ ተወለዱ። ሴቷ አብራኝ ነው የምትኖረው። ወገቤን ከተሠራሁ ወዲህ የምታስታምመኝ እሷ ናት። ትንሹ ወንድ ልጄ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ስልኬን አያነሳም።

ያለኝ ዕዳ የሌለበት 320 ሺህ ዩሮ የተገመተ አፓርታማና 40 ሺህ ዩሮ ቁጠባ ነው። ቤቱን ለሴት ልጄ፣ 20 ሺህ ዩሮ ለቤተ ክርስቲያናችን መናዘዝ እፈልጋለሁ። አንዲት ወዳጄ ‹ወንዶቹ ድርሻ አላቸው፣ ኑዛዜሽ አይሠራም› አለችኝ። ሌላው ‹ፓስፖርትሽ የኢትዮጵያ ስለሆነ የኢትዮጵያን ሕግ ምረጪና ተገላገይ› ይለኛል። ሌላዋ ‹በቁምሽ በስሟ አዙሪላት› ትላለች። ማንን ልስማ?»

— አንዲት እናት፣ ከፍራንክፈርት

ውድ እናታችን፣

ሦስቱም ወዳጆችዎ ግማሽ እውነት ነው የነገሩዎት። ኑዛዜዎ ይሠራል። ቤቱንም ሴት ልጅዎ ትወስዳለች። ነገር ግን ወንድሞቿ እያንዳንዳቸው ከእሷ ገንዘብ መጠየቅ ይችላሉ። ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እርስዎ የሚያወርሷት ቤት ነው፣ እሷ የምትጠየቀው ግን ጥሬ ገንዘብ ነው።

የጀርመን ሕግ ለልጆች የሚያስቀምጠው ድርሻ ፍሊሽትታይል ይባላል። በአማርኛ የግዴታ ድርሻ ልንለው እንችላለን። ስሌቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ኑዛዜ ባይኖር ልጁ ምን ያህል ይወርስ ነበር ብለው ያስባሉ። ከዚያ ግማሹን ይወስዳሉ። እርስዎ የትዳር ጓደኛ የለዎትም፣ ልጆችዎ ሦስት ናቸው። ኑዛዜ ባይኖር ለእያንዳንዳቸው አንድ ሦስተኛ ይደርሳቸው ነበር። የዚያ ግማሽ አንድ ስድስተኛ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ታላቁ ልጅዎም እኩል ይቆጠራል። ከጋብቻ ውጭ መወለዱ፣ አያቱ ጋ ማደጉ፣ ጀርመንን ረግጦ አለማወቁ ድርሻውን አይቀንሰውም። ይህን ደጋግሜ የምለው እዚህ አገር ያሉ ብዙ ወገኖቻችን «ልጅ» ሲባል አብሯቸው የሚኖረውን ብቻ ስለሚቆጥሩ ነው። ሕጉ እንደዚያ አይቆጥርም።

አሁን ወደ እርስዎ ንብረት እንምጣ። አፓርታማውና ቁጠባው ሲደመር 360 ሺህ ዩሮ ነው። አንድ ስድስተኛው 60 ሺህ ነው። ሁለቱ ወንዶች በድምሩ 120 ሺህ ዩሮ ይጠይቃሉ። ታዲያ እርስዎ እንደፈለጉ መስጠት የሚችሉት ምን ያህል ነው? ግማሹን፣ ማለትም 180 ሺህ ዩሮውን። ቀሪው ግማሽ በሦስቱ ልጆች ላይ ለ60፣ 60 ሺህ ይከፈላል። ሴት ልጅዎ ከሦስቱ አንዷ ስለሆነች የራሷን 60 ሺህ ከነጻው 180 ሺህ ጋር ብትደምሩት 240 ሺህ ይሆናል። በኑዛዜ ያለ ሥጋት ሊተርፋት የሚችለው ይህ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑም ስጦታ የሚወጣው ከዚሁ ነው። የልጆች ቁጥር ቢለዋወጥም ይህ የግማሽ ነገር አይለወጥም። አንድ ልጅ ቢኖርዎትም፣ ስድስት ቢኖሩዎትም ነጻው ክፍል ግማሽ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ስጦታ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የወንዶቹ ድርሻ ሲሰላ ከንብረቱ ላይ አስቀድሞ የሚቀነሰው ዕዳዎና የቀብር ወጪው ነው። በኑዛዜ ለቤተ ክርስቲያን የሚተዉት 20 ሺህ ግን አይቀነስም። ስሌቱ የሚነሳው ከ360 ሺህ ነው እንጂ ከ340 ሺህ አይደለም። ሴት ልጅዎ ለወንድሞቿ በከፈለችው መጠን ከቤተ ክርስቲያኑ ስጦታም ላይ ተመጣጣኝ ቅናሽ ማድረግ ትችላለች። ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉውን እንዲያገኝ ከፈለጉ በኑዛዜው ላይ በግልጽ ይጻፉት። ካልጻፉት ነገ እሷና የሰበካ ጉባኤው ሊጨቃጨቁበት የሚችሉበት ጉዳይ ነው።

እስቲ አሁን እሷ የምትቆምበት ቦታ ላይ እንቁም። እርስዎ አርፈዋል። እሷ የቤቱ ባለቤት ሆናለች፣ ባንክ ውስጥ 40 ሺህ ዩሮ አለ። ከዚያ የቀብር ወጪው ይወጣል። ለወንድሞቿ 120 ሺህ፣ ለቤተ ክርስቲያን 20 ሺህ ትከፍላለች። ከ100 ሺህ ዩሮ በላይ ይጎድላታል። ወንዶቹ ቤቱ ውስጥ ድርሻ የላቸውም። በግሩንድቡኽ፣ በመሬት መዝገቡ ላይ፣ ስማቸው አይገባም። ሳሎኑን ለእኔ፣ መኝታውን ለአንተ ማለት አይችሉም። ገንዘቡን መጠየቅ ግን ይችላሉ፣ የሚጠይቁትም ወዲያውኑ ነው። እሷ ወይ ቤቱን አስይዛ ትበደራለች፣ ወይ ትሸጠዋለች። ያሰቡትን ለምን እንደማልወደው አሁን ይገባዎታል፦ እርስዎን ያስታመመችው ልጅ ሐዘን ተቀምጣ ሳለች ከወንድሞቿ ጠበቃ ደብዳቤ ትቀበላለች።

በእርግጥ ትንሽ መተንፈሻ አለ። ወዲያው መክፈሉ የምትኖርበትን ቤት የሚያስለቅቃት ከሆነ ክፍያው እንዲራዘምላት ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች። ፍርድ ቤቱ ግን የወንድሞቿንም ሁኔታ ያያል። ይራዘምላታል እንጂ አይሰረዝላትም።

ሌላም የሚቀንስላት ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ወላጁን ለረጅም ጊዜ ያስታመመ ልጅ ይህ ሥራው ከወንድም እህቶቹ ጋር ሲተሳሰብ እንዲቆጠርለት ሕጉ ይፈቅዳል። ድርሻውም ሲሰላ ይገባል። ለምሳሌ የእርሷ ድካም 36 ሺህ ዩሮ ተብሎ ቢገመት፣ ይህ ከ360 ሺህ ላይ ይነሳና በቀሪው 324 ሺህ ይሰላል። የእያንዳንዱ ወንድም ድርሻ ከ60 ወደ 54 ሺህ ይወርዳል። ችግሩ ማስረጃ ነው። እርስዎ ካለፉ በኋላ «ማታ ማታ የምታገላብጣት እኔ ነበርኩ» ማለት ብቻ ብዙ አያራምዳትም። ስለዚህ ከመቼ ጀምሮ፣ በሳምንት ምን ያህል ጊዜ፣ ምን ምን እንደምትሠራልዎት ዛሬ በእጅዎ ጽፈው ፈርመው ያስቀምጡ። የሐኪም ወረቀቶችንና ከእንክብካቤ መድን የመጡ ደብዳቤዎችንም አብረው ያቆዩ።

ስለ ትንሹ ልጅዎ የጻፉትን ሳነብ ልቤ ተነካ። አምስት ዓመት ዝም መባል ለእናት ከባድ ነው። ሕጉ ግን ዝምታን እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 የልጆች ይህ ድርሻ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መሆኑን አረጋግጧል። ልጅን ከዚህ ድርሻ ፈጽሞ መንቀል የሚቻለው በጥቂት ከባድ ምክንያቶች ብቻ ነው። በእርስዎ ወይም በቅርብ ቤተሰብዎ ሕይወት ላይ ሙከራ ያደረገ፣ በእርስዎ ወይም በእነሱ ላይ ከባድ ወንጀል ሆን ብሎ የፈጸመ፣ እርስዎን የመርዳት የሕግ ግዴታውን በክፋት የጣሰ፣ ወይም ሆን ብሎ በሠራው ወንጀል ቢያንስ አንድ ዓመት ያለ ገደብ ተፈርዶበት ውርሱን መካፈሉ ለእርስዎ የማይታሰብ የሆነ ልጅ። ምክንያቱም በኑዛዜው ላይ በዝርዝር መጻፍ አለበት። ስልክ አለማንሳት፣ በዓል ላይ አለመምጣት፣ አስቀይሞ መሄድ እዚህ ውስጥ አይገቡም። «ከውርስ ነቅዬዋለሁ» ብለው ቢጽፉ ወራሽ አይሆንም፣ 60 ሺውን ግን ይጠይቃል።

ትንሽ ነገር ትተውለት እንዲረካ ማድረግም አይሠራም። ለምሳሌ በኑዛዜው 10 ሺህ ቢተዉለት፣ እሱን ተቀብሎ ጉድለቱን እስከ 60 ሺህ ድረስ መጠየቅ ይችላል።

ስለ ኢትዮጵያ ሕግ የተነገረዎት ደግሞ ምክሩ መሠረት አለው። በአውሮፓ ኅብረት የውርስ ደንብ መሠረት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከነሐሴ 2015 ወዲህ ለሚሞት ሰው የሚሠራበት ሕግ ዘወትር የሚኖርበት አገር ሕግ ነው። ለእርስዎ የጀርመን ማለት ነው። ያው ደንብ ሰው በኑዛዜው የዜግነቱን አገር ሕግ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ፓስፖርትዎ የኢትዮጵያ ከሆነ መምረጥ ይችላሉ። ታዲያ ለምን አልመክርዎትም?

በ2022 ሰኔ ወር የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ወሰነ። ሟቹ አብዛኛውን ዕድሜውን ጀርመን የኖረ የእንግሊዝ ዜጋ ነበር። በኑዛዜው የእንግሊዝን ሕግ መረጠ። የእንግሊዝ ሕግ ለልጆች እንዲህ ያለ ቋሚ ድርሻ የለውም። ጀርመን የሚኖረው የጉዲፈቻ ልጁ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ፣ ጉዳዩ ከጀርመን ጋር ይህን ያህል የተሳሰረ ሆኖ ሳለ ልጁን ያለ ምንም መተማመኛ የሚተው ሕግ የጀርመንን መሠረታዊ የሕግ ሥርዓት ይጻረራል ብሎ ለልጁ ፈረደ። እርስዎ ጀርመን ነዎት፣ ቤትዎ ጀርመን ነው፣ ትንሹ ልጅዎም ጀርመን የተወለደ ነው። ጠበቃው መጀመሪያ የሚያነሳው ይህን ፍርድ ይሆናል።

ደግሞም የኢትዮጵያ ሕግ ወላጅን ሙሉ በሙሉ ነጻ አያደርግም። እዚያ እንደ ጀርመን አንድ ስድስተኛ የሚባል የተቆረጠ ድርሻ የለም። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጁን በግልጽ ከውርስ የነቀለ ተናዛዥ ምክንያቱን በኑዛዜው መጻፍ አለበት። ምክንያቱ ለመንቀል የሚበቃ መሆን አለመሆኑንም ፍርድ ቤት ይመረምራል። እንግዲህ ይህን ሕግ ሲመርጡ ሴት ልጅዎን ከሂሳብ አውጥተው ክርክር ውስጥ ያስገቧታል። ሂሳቡ ቢያንስ ይታወቃል።

ሦስተኛው ምክር በቁም ማዛወሩ ነው። ይህ ጊዜ ካለዎት የሚሠራ፣ ሲሳሳቱበት ግን የሚያስቆጭ መንገድ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በሕይወት እያሉ የሰጡት ስጦታ ከሞት በኋላ ይቆጠራል። የሚቆጠረው ግን ጊዜ ባለፈ ቁጥር እየቀነሰ ነው። ከስጦታው በኋላ አንድ ዓመት ሳይሞላ ካረፉ ሙሉ ዋጋው ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። አሥር ዓመት ሲሞላ ምንም አይቆጠርም። አፓርታማውን ዛሬ ለሴት ልጅዎ ሰጡ እንበል። ከስድስት ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ ካረፉ የሚቆጠረው 40 ከመቶው፣ ማለትም 128 ሺህ ዩሮ ነው። ቁጠባው 40 ሺህ እንዳለ ቢቆይ ድምሩ 168 ሺህ ነው። አንድ ስድስተኛው 28 ሺህ ነው። 60 ሺህ የነበረው ወደ 28 ሺህ ወረደ ማለት ነው።

ወጥመዱ ይኸውና። አብዛኛው ወላጅ ቤቱን ሲያዛውር «እስክሞት ልኑርበት፣ ኪራዩም ለእኔ ይሁን» ብሎ የአላባ መብት ያስቀራል። ጀርመኖች ኒስብራኡኽ ይሉታል። ይህ መብት ሙሉውን ቤት የሚይዝ ከሆነ አሥሩ ዓመት መቆጠር አይጀምርም። ፍርድ ቤቶቹ የሚሉት፦ ቤቱን በወረቀት ሰጥተሽ ጥቅሙን ግን አልለቀቅሽም፤ እንግዲህ ገና አልሰጠሽም። 15 ዓመት ቢኖሩም የቤቱ ዋጋ ሳይቀንስ ይቆጠራል። በአንድ ክፍል ብቻ የመኖር መብት ያስቀሩ እንደሆነ ግን ውጤቱ ሊለይ ይችላል፤ ምን ያህል ጥቅም በእጅዎ እንደቀረ ፍርድ ቤቱ በየጉዳዩ ያያል። እርስዎና ልጅዎ አብራችሁ ስለምትኖሩ ይህ ነጥብ የእርስዎን ጉዳይ በቀጥታ ይነካል። ውሉ ላይ ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር አሥር ዓመቱን ታስጀምራለች ወይ ታግዳለች። ውሉን የሚያጸድቀውን የሕግ ባለሙያ፣ ኖታሩን፣ በዚህች ነጥብ ላይ በግልጽ ይጠይቁት።

ያለ ምንም መብት ማዛወሩ ደግሞ ሌላ ሥጋት አለው። ልጅዎን ማመንዎ ጥሩ ነው። ነገር ግን እሷ ዕዳ ውስጥ ብትገባ አበዳሪዎቿ ቤቱን ሊከተሉት ይችላሉ። ከእርስዎ በፊት ብትሞት (እግዚአብሔር አያድርስ) ቤቱ ወደ እሷ ወራሾች ይሄዳል። እርስዎም በአሥር ዓመት ውስጥ አረጋውያን ቤት ገብተው ወጪውን መሸፈን ቢያቅትዎ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮው ስጦታው እንዲመለስ ሊጠይቅ ይችላል። በውሉ ላይ «እንዲህ እንዲህ ከሆነ ቤቱ ይመለስልኝ» የሚል ቃል ማስገባት ይቻላል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሥጋቶች ይጠቅማል።

እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ከሁሉ በፊት ከታላቁ ልጄ ጋር እነጋገር ነበር።

ልጅ ድርሻውን ወላጁ በሕይወት እያለ በውል መተው ይችላል። ብዙ ጊዜ በምትኩ ገንዘብ ይቀበላል። ለታላቁ ልጅዎ ዛሬ 25 ሺህ ዩሮ እጁ ላይ መግባቱ፣ መቼ እንደሚመጣ ከማይታወቅ 60 ሺህ ሊሻለው ይችላል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ዛሬ የሚገኝ 25 ሺህ ዩሮ ሥራ ያስጀምራል። እንደ ማታለል አይዩት፤ 60 ሺህ ሊደርሰው እንደሚችል በግልጽ ይንገሩት፣ ሂሳቡንም ያሳዩት። አውቆ የተወ ልጅ ነገ አይከስም፣ እህቱንም አይጠላም።

ውሉ ግን ኖታር ፊት መሆን አለበት። ይህን አጥብቄ እነግርዎታለሁ። በእኛ ልማድ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ተስማምቶ፣ ሦስት ምስክር አስፈርሞ መለያየት ትልቅ ነገር ነው። ለቤተሰቡ ሰላምም ይጠቅማል። በጀርመን ሕግ ግን ያ ወረቀት ድርሻውን አያስቀርም። ልጁ 25 ሺውን ተቀብሎ፣ ፈርሞ፣ ከዓመታት በኋላ ድርሻውን ሊጠይቅ ይችላል። በኖታሩ ውል ላይ እርስዎ በአካል መገኘት አለብዎት። እሱ ግን በወኪል መፈረም ይችላል፤ ስለዚህ ቪዛ ማግኘት ግድ አይደለም። የውክልናው ወረቀት በምን መልክ ተዘጋጅቶ ከአዲስ አበባ መምጣት እንዳለበት ኖታሩ አስቀድሞ ይንገራችሁ።

አንዲት ቃል ግን ተጠንቀቁባት። ውሉ የግዴታ ድርሻውን ብቻ መተው እንጂ ውርሱን ጠቅልሎ መተው አይሁን። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ዋጋው ግን ትልቅ ነው። ልጁ ውርሱን ጠቅልሎ ከተወ ሕጉ ከልጆች ቁጥር ያወጣዋል። ሦስት የነበሩት ልጆች ሁለት ይሆናሉ። የትንሹ ልጅ ድርሻ ከአንድ ስድስተኛ ወደ አንድ አራተኛ ያድጋል። በ360 ሺህ ሲሰላ ከ60 ወደ 90 ሺህ ማለት ነው። ለታላቁ ከፍለው ትንሹን ያበለጽጋሉ። የግዴታ ድርሻውን ብቻ ከተወ ግን የትንሹ ድርሻ አንድ ስድስተኛ ሆኖ ይቀራል። እንዲያውም 25 ሺህ ስለከፈሉ የሚሰላበት ንብረት 335 ሺህ ሆኖ ድርሻው ወደ 56 ሺህ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ውሉ ሌላ ነገር ካልተባለበት በቀር የታላቁን ልጅዎን ልጆችም ያስራል።

ታላቁ ውል አልፈርምም ካለ ሌላ መንገድ አለ። ዛሬ ለሥራ ማስጀመሪያ የሚሰጡት ገንዘብ ከድርሻው እንዲታሰብ ማድረግ ይችላሉ። ይህን ገንዘቡን ሲልኩ ወይም ከመላክዎ በፊት በግልጽ ሊነግሩት ይገባል። ከላኩ በኋላ ማለት አይሠራም። ካሁን በፊት የላኩለት ሁሉ፣ ያኔ ካልተነገረው በቀር፣ ከድርሻው አይቀነስም። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት «ይህ 25 ሺህ ዩሮ ከግዴታ ድርሻህ ላይ የሚታሰብ ነው» ብለው በጽሑፍ ይላኩለት፤ «ተቀብያለሁ፣ ተስማምቻለሁ» የሚል መልሱንም ያስቀምጡ።

ትንሹ ልጅዎስ? ኖታር ቤት ካልመጣ ውል የለም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ደብዳቤ ይጻፉለት ብዬ እለምንዎታለሁ። ወቀሳ የሌለበት፣ አጭር። ቤቱን ለእህቱ ሊተዉ እንደሆነ፣ እሱም የሚገባው ነገር እንዳለ፣ በሕይወት እያሉ ሊጨርሱት እንደሚፈልጉ ይንገሩት። ዝም ቢልም እህቱ የምትጠብቀውን አውቃ እንድትዘጋጅ ታደርጋላችሁ። ከእሱ በመደበቅ የሚገኝ ነገር የለም። ኑዛዜ ሲከፈት የውርስ ፍርድ ቤቱ፣ ናኽላስገሪኽት፣ ከውርስ የተነቀሉትንም ልጆች ያሳውቃል፤ አዲስ አበባ ቢሆኑም። ከዚያ በኋላ ከእህታቸው የንብረቱን ዝርዝር፣ ከፈለጉም በኖታር የተዘጋጀ ዝርዝርና የቤቱን ግምት መጠየቅ ይችላሉ። ጊዜያቸው ሦስት ዓመት ነው፤ ሞቱንና ኑዛዜውን ካወቁበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ይቆጠራል። አንድ ሰው በግንቦት 2035 ቢያውቅ እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2038 መጠየቅ ይችላል። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለኑዛዜው ቅርጽ ሁለት ቃል ብቻ። ራስዎ የሚጽፉት ከሆነ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በእጅዎ ይጻፉት፣ ከታች ይፈርሙ። ልጅዎ በኮምፒውተር ጽፋልዎ እርስዎ ቢፈርሙ ዋጋ የለውም። በአማርኛ ቢጽፉት ይሠራል፤ ፍርድ ቤቱ በመሐላ ተርጓሚ ያስተረጉመዋል። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉት፣ የእኛንም ከፈለጉ ጎኑ ላይ ይጨምሩ።

ኖታር ጋ ሲሄዱ የግሩንድቡኽ ቅጂ፣ የባንክ ወረቀት፣ የሦስቱንም ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ይያዙ። የኖታር ክፍያ በሕግ የተወሰነና በንብረቱ ዋጋ የሚሰላ ስለሆነ ከአንዱ ወደ አንዱ ዋጋ እየጠየቁ መዞር አያስፈልግዎትም። ይልቅ ጀርመንኛው የሚከብድዎ ከሆነ ሲቀጥሩ አስቀድመው ይንገሩ። ኖታሩ ሰነዱን ሲያነብ በሚገባዎት ቋንቋ እንዲተረጎምልዎ የማድረግ ግዴታ አለበት። ተርጓሚዋ ሴት ልጅዎ እንዳትሆን፤ ቤቱን የምትወስደው እሷ ናት፣ ወንድሞቿ ነገ ጥያቄ የሚያነሱት እዚያ ላይ ነው።